28፣ 76 እና 532፦ የስድስተኛ ክፍል ተማሪዎቻችን በቀን መቁጠሪያ ያገኙት የጋራ ብዜት



በዘንድሮው መጽሔታችን ስለ አንድ የስድስተኛ ክፍል የሒሳብ ምዕራፍ ለመጻፍ የመረጥነው ብዙ ወላጆች የጠየቁን ጥያቄ ስላለ ነው። ምዕራፉ ስለ ተካፋይነት ሕጎች፣ ቁጥርን ወደ ብቸኛ ቁጥሮች ስለ መተንተን፣ ስለ ትልቁ የጋራ አካፋይና ስለ ትንሹ የጋራ ብዜት ያስተምራል። በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ፈተና ላይ ለተማሪዎቹ «የ28 እና የ76ን ትንሹን የጋራ ብዜት ፈልጉ» የሚል ጥያቄ ቀርቦላቸው ነበር። ከክፍሉ ጥቂት የማይባሉት 28ን በ76 አባዝተው 2128 ብለው መለሱ፤ መልሱም ስህተት ተብሎ ተሰረዘባቸው።

አንዲት እናት የልጃቸውን የፈተና ወረቀት ይዘው ወደ ቢሮ መጡ። «እኔ ቤት ቁጭ ብዬ አካፍዬዋለሁ። 2128 ለ28ም ይካፈላል፣ ለ76ም ይካፈላል። ታዲያ ልጄ ምኑን ነው የተሳሳተው?» አሉን። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። ስሌታቸውም ትክክል ነው፤ 2128 ለሁለቱም ያለ ቀሪ ይካፈላል። ስለዚህ 2128 የጋራ ብዜት ነው። ትንሹ ግን አይደለም። ትንሹ 532 ነው። ልዩነቱ ከየት እንደ መጣ ለማስረዳት፣ እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ራሳቸው ከየት እንደ ተወሰዱ ብንናገር ይሻላል።

ቁጥሮቹ ከየት መጡ?

የስድስተኛ ክፍል የሒሳብ መምህራችን 28ን እና 76ን ዝም ብለው አልመረጧቸውም። ሁለቱም በባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም በአገራችን የዘመን አቆጣጠር ስሌት ውስጥ ስም ያላቸው ቁጥሮች ናቸው። 28 ዓመት ዐውደ ፀሐይ ይባላል፤ 76 ዓመት ዐውደ ማኅተም ይባላል፤ 532 ዓመት ደግሞ ዐውደ ቀመር ነው። ባሕረ ሐሳብ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቢሆንም፣ መስከረም 1ን፣ ጳጉሜንና ዘመነ ማቴዎስን፣ ዘመነ ማርቆስን የማያውቅ ተማሪ ስለሌለን፣ መምህራችን ስሌቱን የወሰዱት እንደ ቁጥር ትምህርት ነው።

28 እንዴት እንደሚገኝ እንይ። ዓመታቱ በአራቱ ወንጌላውያን ስም በማቴዎስ፣ በማርቆስ፣ በሉቃስና በዮሐንስ ተራ ይሄዳሉ። ጳጉሜን 6 ቀን የምትሆነው በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ነው። አንድ ተራ ዓመት 365 ቀን፣ ማለትም 52 ሳምንትና 1 ቀን ስላለው፣ መስከረም 1 በየዓመቱ አንድ ቀን ወደ ፊት ይገፋል፤ ከዘመነ ሉቃስ በኋላ ግን ሁለት ቀን ይገፋል። ስለዚህ በአራት ዓመት ውስጥ በጠቅላላው 5 ቀን ይገፋል። የ2018 ዓ.ም. መስከረም 1 ሐሙስ ዋለ፤ ዘመኑም ዘመነ ማርቆስ ነው። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ2022፣ ዘመኑ እንደገና ማርቆስ ሲሆን መስከረም 1 ማክሰኞ ይውላል። በ2026 እሑድ፣ በ2030 ዓርብ፣ በ2034 ረቡዕ፣ በ2038 ሰኞ፣ በ2042 ቅዳሜ ይሆንና በ2046 ወደ ሐሙስ ይመለሳል። ከ2018 እስከ 2046 ድረስ 28 ዓመት ነው።

እዚህ ላይ ተማሪዎቻችን «ሐሙስ ከዚያ በፊት አይመጣም ወይ?» ብለው ጠየቁ። ይመጣል። በ2029 መስከረም 1 ሐሙስ ነው፤ ነገር ግን ዘመኑ ማቴዎስ እንጂ ማርቆስ አይደለም። ዕለቱና ወንጌላዊው አንድ ላይ የሚመለሱት በ28 ዓመት ነው። ምክንያቱም ወንጌላዊው እንዲመለስ ዓመቱ የ4 ብዜት መሆን አለበት፤ ዕለቱ እንዲመለስ ደግሞ በየአራት ዓመቱ የሚጨመረው 5 ቀን ተደማምሮ ሙሉ ሳምንታት መሆን፣ ማለትም ለ7 መካፈል አለበት። 7 ብቸኛ ቁጥር ነውና፣ 5ም ለ7 ስለማይካፈል፣ አራቱ ዓመት ሰባት ጊዜ ካልተደጋገመ በቀር ድምሩ ለ7 አይካፈልም። 4 ሲባዛ በ7፣ 28።

76ም እንዲሁ ነው። የጨረቃ ስሌት የሆነው አበቅቴ በየ19 ዓመቱ ይመለሳል። አበቅቴውና ወንጌላዊው አብረው የሚመለሱት ግን ዓመቱ የ19ም የ4ም ብዜት ሲሆን ነው፤ ይኸውም 76 ነው።

እንግዲህ የፈተናው ጥያቄ በሌላ አነጋገር ይህ ነበር፦ የ28 ዓመቱ ዑደትና የ76 ዓመቱ ዑደት በአንድ ዓመት ቢጀምሩ፣ ዕለቱ፣ ወንጌላዊውና አበቅቴው ሦስቱም በአንድ ላይ የሚመለሱት ከስንት ዓመት በኋላ ነው?

የተካፋይነት ሕጎች፦ አንዱ ጭራውን ያያል፣ ሌላው ድምሩን

ቁጥርን ለመተንተን መጀመሪያ ለምን እንደሚካፈል ማወቅ ያስፈልጋል። ተማሪዎቻችን ሕጎቹን ቶሎ ይይዛሉ፤ ግን ምክንያቱን ካላወቁ ይቀላቅሏቸዋል። ለምሳሌ ለ4 የሚሆነውን ሕግ ለ3፣ ለ3 የሚሆነውን ለ4 ያውላሉ።

የ4 ሕግ «የመጨረሻዎቹ ሁለት አኃዞች የሚመሠርቱት ቁጥር ለ4 ከተካፈለ ሙሉው ቁጥር ለ4 ይካፈላል» ይላል። ምክንያቱ 100 ለ4 መካፈሉ ነው። 100 ለ4 ከተካፈለ 500ም፣ 2000ም ይካፈላል። ስለዚህ በ532 ውስጥ 500ውን ትተን 32ን ብቻ እናያለን፤ 32 ለ4 ሲካፈል 8 ነው፤ ስለዚህ 532 ለ4 ይካፈላል።

ይህ ሕግ ወንጌላዊውን ለማወቅም ይጠቅማል። በባሕረ ሐሳብ ደንብ በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ተደምሮ ድምሩ ለ4 ይካፈላል፤ ቀሪው 1 ከሆነ ማቴዎስ፣ 2 ከሆነ ማርቆስ፣ 3 ከሆነ ሉቃስ፣ ቀሪ ከሌለው ዮሐንስ ነው። 5500 ግን 55 መቶዎች ስለሆነ ራሱ ለ4 ያለ ቀሪ ይካፈላል፤ ቀሪውን አይለውጥም። 2000ውም እንዲሁ። ስለዚህ ለ2018 የሚያስፈልገን 18ን ለ4 ማካፈል ብቻ ነው፤ 4 ደርሶ 2 ይቀራል፤ ዘመነ ማርቆስ። በ2006 ዓ.ም. የተወለደ ተማሪ 6ን ለ4 አካፍሎ ቀሪ 2 ያገኛል፤ እርሱም በዘመነ ማርቆስ ተወልዷል።

የ3 ሕግ ደግሞ ጭራውን ሳይሆን የአኃዞቹን ድምር ያያል። 10 ለ3 ሲካፈል 1 ይቀራል፤ 100ም ለ3 ሲካፈል 1 ይቀራል፤ ምክንያቱም 10 ማለት 9 እና 1፣ 100 ማለት 99 እና 1 ነው። ስለዚህ 532 ማለት አምስት ጊዜ 99 እና 5፣ ሦስት ጊዜ 9 እና 3፣ ከዚያም 2 ነው። 99ኞቹና 9ኞቹ ለ3 ይካፈላሉ፤ የሚቀረው 5 + 3 + 2 = 10 ነው። 10 ለ3 አይካፈልም፤ ስለዚህ 532ም አይካፈልም። ይኸው ምክንያት ለ9 ሕግም ይሠራል። ለ4 ግን አይሠራም፤ 10 ለ4 ሲካፈል የሚቀረው 2 እንጂ 1 አይደለምና። ይህን የተረዳ ተማሪ ሁለቱን ሕጎች አይቀላቅልም።

መተንተን፣ እና የት ማቆም እንዳለብን

ብቸኛ ቁጥር ማለት ከ1 የሚበልጥ፣ ከ1 እና ከራሱ በቀር ሌላ አካፋይ የሌለው ቁጥር ነው፤ 2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 11፣ 13፣ 17፣ 19 እያለ ይቀጥላል። ከ1 በላይ ያለ ማንኛውም ሙሉ ቁጥር ወይ ራሱ ብቸኛ ነው፣ ወይም በብቸኛ ቁጥሮች ብዜት ይጻፋል፤ ያም አጻጻፍ፣ የቅደም ተከተል ለውጥ ካልሆነ በቀር፣ አንድ ብቻ ነው። አንዱ ልጅ 28ን 4 × 7 ብሎ ቢጀምር፣ ሌላው 2 × 14 ብሎ ቢጀምር፣ ሁለቱም መጨረሻ ላይ 2 × 2 × 7 ይደርሳሉ። የተለያየ መልስ ከደረሱ አንዳቸው ሳይጨርሱ አቁመዋል ወይም አንድ ቦታ ተሳስተዋል ማለት ነው።

ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው ሳይጨርሱ ማቆም ነው። 532ን ለ4 ስናካፍል 133 እናገኛለን። 133 ጎዶሎ ነው፣ በ5 ወይም በ0 አያበቃም፣ የአኃዞቹ ድምር 7 ስለሆነ ለ3 አይካፈልም። ብዙ ተማሪዎች እዚህ ላይ «ብቸኛ ነው» ብለው ያቆማሉ። እኛ የምናስተምረው መቆሚያ ግን ይህ ነው፦ ብቸኛ ቁጥሮችን በየተራ ሞክር፤ የምትሞክረው ቁጥር በራሱ ሲባዛ ከቁጥሩ ከበለጠ ያን ጊዜ አቁም። 11 × 11 = 121 ከ133 ያንሳል፤ 13 × 13 = 169 ይበልጣል። ስለዚህ ለ133 እስከ 11 ድረስ መሞከር ግዴታ ነው። 7ን ስንሞክር፣ 140 ሃያ ጊዜ 7 ነው፤ 133 ከዚያ በአንድ 7 ያንሳል፤ ስለዚህ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ 7 ነው። 19 ብቸኛ ነው፤ ጨረስን።

532 = 2 × 2 × 7 × 19

2128 ለምን በዛ?

አሁን ወደ ፈተናው እንመለስ። ሁለቱን ቁጥሮች እንተንትን።

28 = 2 × 2 × 7
76 = 2 × 2 × 19

ሁለቱ በጋራ ያላቸው 2 × 2 ነው። ይህ 4፣ የሁለቱ ትልቁ የጋራ አካፋይ ነው። ለማየት እንዲመች 28 ሜትርና 76 ሜትር ርዝመት ያላቸው ሁለት ገመዶች አሉ እንበል። ሁለቱንም ያለ ትርፍ እኩል ወደሆኑ ቁራጮች ብንቆርጣቸውና ቁራጩ በተቻለ መጠን ረጅም እንዲሆን ብንፈልግ፣ ቁራጩ 4 ሜትር ይሆናል፤ ከአንዱ ገመድ 7፣ ከሌላው 19 ቁራጭ ይወጣል። 28/76 የሚለውን ክፍልፋይ ስናቀልም የምናደርገው ይኸንኑ ነው፤ ላዕሉንና ታህቱን ለ4 አካፍለን 7/19 እናገኛለን።

የጋራ ብዜት ደግሞ በውስጡ 28ንም 76ንም መያዝ አለበት። 28ን ለመያዝ 2፣ 2 እና 7 ያስፈልጋሉ። 76ን ለመያዝ 2፣ 2 እና 19 ያስፈልጋሉ፤ ነገር ግን ሁለቱ 2ቶች ቀድመው ገብተዋል። የሚጎድለው 19 ብቻ ነው። እርሱን ስንጨምር 2 × 2 × 7 × 19 = 532 ይሆናል። ከዚህ አንድ ቁጥር ብንቀንስ፣ ወይ 28ን ወይ 76ን እናጣለን፤ ስለዚህ ከ532 ያነሰ የጋራ ብዜት የለም።

28ን በ76 ያባዛ ተማሪ ግን 2 × 2 የሚለውን ሁለት ጊዜ ቆጥሯል፤ አንድ ጊዜ ከ28፣ አንድ ጊዜ ከ76። ስለዚህ መልሱ መሆን ከሚገባው በ4 እጥፍ በዝቷል፤ 2128 ማለት 4 × 532 ነው። በዑደት ቋንቋ ብንናገረው፣ ሁለቱ ዑደቶች ከተነሡበት በኋላ በ532፣ በ1064፣ በ1596 እና በ2128 ዓመት ይገናኛሉ። ልጁ የመለሰው አራተኛውን መገናኛ ነው፤ የተጠየቀው ደግሞ የመጀመሪያው ነበር። ለእናቲቱም የሰጠናቸው መልስ ይኸው ነበር፤ ልጁ ማባዛት አላቃተውም፣ የጋራውን ሁለቴ ቆጠረ እንጂ።

የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት 532 ላይ የደረሱት ለዚህ ነው። በ532 ዓመት ውስጥ 28ቱ 19 ጊዜ፣ 76ቱ 7 ጊዜ ይዞራሉ። በዚህ አቆጣጠር የ2018 የፋሲካ ቀን በ1486 ዓ.ም. ፋሲካ ከዋለበት ወርና ቀን፣ በዕለቱም ጭምር፣ ጋር አንድ ነው። ይህ የሚሠራው በእኛ አቆጣጠር ጳጉሜን በየአራት ዓመቱ ያለ ማቋረጥ 6 ስለምትሆን ነው። በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ግን እንደ 1900 ያሉ ዓመታት ለ4 ቢካፈሉም የካቲታቸው (ፌብሩዋሪ) 28 ቀን ብቻ ስለሆነ፣ በዚያ ዓመት ላይ የ28 ዓመቱ ዑደት ይሰበራል።

ሦስት ስህተቶችና መለያቸው

የመጀመሪያው ስህተት ከስሙ የሚመጣ ነው። «ትልቁ» የሚለውን ቃል ሲሰሙ ትልቅ ቁጥር፣ «ትንሹ» ሲባል ትንሽ ቁጥር የሚጠብቁ ልጆች አሉ። ነገሩ ግን ተቃራኒ ነው። ትልቁ የጋራ አካፋይ ከሁለቱ ቁጥሮች ከአነስተኛው አይበልጥም፤ ትንሹ የጋራ ብዜት ከሁለቱ ከትልቁ አያንስም። ልጅዎ «የ28 እና የ76 ትንሹ የጋራ ብዜት 4 ነው» ካለ፣ ሳያሰላ እንኳ ስህተቱን ማየት ይችላል፤ 4 ከ76 ያንሳልና።

ሁለተኛው ስህተት ድግግሞሽን መርሳት ነው። 12 = 2 × 2 × 3 ነው፤ 18 = 2 × 3 × 3 ነው። «ያሉት ብቸኛ ቁጥሮች 2 እና 3 ናቸው» ብሎ 6ን የጋራ ብዜት ያደረገ ልጅ አለ። ለብዜቱ የሚወሰደው እያንዳንዱ ብቸኛ ቁጥር በብዛት የታየበት ነው፤ 2 በ12 ውስጥ ሁለት ጊዜ፣ 3 በ18 ውስጥ ሁለት ጊዜ፤ ስለዚህ 2 × 2 × 3 × 3 = 36። ለጋራ አካፋዩ ግን በሁለቱም ውስጥ ያለውን ያህል ብቻ እንወስዳለን፤ 2 × 3 = 6። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ 6 × 36 = 216፣ 12 × 18ም 216። ለሁለት ቁጥሮች ሁልጊዜ ትልቁ የጋራ አካፋይ ሲባዛ በትንሹ የጋራ ብዜት የቁጥሮቹን ብዜት ይሰጣል።

ሦስተኛው ስህተት ይህን ማረጋገጫ ለሦስት ቁጥሮች ማዋል ነው። 4፣ 28 እና 76ን እንውሰድ። የሦስቱ ብዜት 8512 ነው፤ ትልቁ የጋራ አካፋያቸው 4 ነው። 8512ን ለ4 ብናካፍል 2128 ይመጣል፤ ትክክለኛው ትንሹ የጋራ ብዜት ግን አሁንም 532 ነው። 4 በሦስቱም ውስጥ ስላለ ሦስት ጊዜ ተቆጥሯል፤ አንድ ጊዜ ብናነሣውም አንድ ትርፍ ይቀራል። ለሦስት ቁጥሮች መተንተኑ ይሻላል፤ ወይም መጀመሪያ የሁለቱን ፈልጎ ከሦስተኛው ጋር ማገናኘት ነው።

ለቤት

ወላጆች ከልጆቻችሁ ጋር እንድትሠሩት ሁለት ጥያቄ እንተዋለን። አንደኛ፣ የቤተሰቡን አባላት የልደት ዓመተ ምሕረት ይዛችሁ የመጨረሻዎቹን ሁለት አኃዞች ለ4 በማካፈል እያንዳንዱ በየትኛው ወንጌላዊ ዘመን እንደ ተወለደ ፈልጉ። ሁለተኛ፣ 36 ለ4ም ለ6ም ይካፈላል፤ ለ24 ግን አይካፈልም። ልጃችሁ ለምን እንደሆነ በራሱ አነጋገር ያስረዳችሁ። መልሱ ከላይ በ2128 ላይ ካየነው ጋር አንድ ነው፦ በ4 ውስጥ ያለው አንዱ 2 በ6 ውስጥም አለ፤ 4 × 6 ስንል እርሱን ሁለቴ ቆጥረናል። በ4ም በ6ም የሚካፈል ቁጥር በእርግጠኝነት የሚካፈለው ለ12 ነው።